ሙያ ለሚቀይር ሰው የትኛው ማመልከቻ ደብዳቤ ይሻላል? አራት ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

ሰውየው የሒሳብ መምህር ነው። 9ኛ ክፍል ሲያስተምር 6 ዓመት ሆኖታል። ትምህርት ላይ የሚሠራ አንድ ኤንጂኦ «የክትትልና ግምገማ ረዳት ኦፊሰር» ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። መምህሩ አነበበውና «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» አለ። ሲቪውን ከፈተ። ከላይ እስከ ታች «መምህር» ይላል። ማስታወቂያው ላይ ግን መምህር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

በሁለቱ መሀል ያለው ድልድይ ማመልከቻ ደብዳቤው ነው፤ ብዙዎቻችን ካቨር ሌተር የምንለው። በሙያው ለቆየ ሰው ደብዳቤው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፣ ሲቪው ይናገርለታል። ሙያ ለሚቀይር ሰው ግን የሚናገርለት ሌላ ወረቀት የለም።

እንዴት ይጻፍ ሲባል ምክሩ ብዙ ነው። አንዱ «ታሪክህን ተርክ» ይላል። ሌላው «ሠንጠረዥ ሥራ» ይላል። አንዱ «የጎደለህን አታንሳ» ሲል ሌላው «ፊት ለፊት ተናገር» ይላል። እኔ ከሚያጣሩት ወገን ጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። ሁሉም ዓይነት ደብዳቤ ሲያልፍም ሲወድቅም አይቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ማስታወቂያው በሚጠይቀውና ሲቪው በሚያሳየው መሀል ያለው ክፍተት ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

## ክፍተቱ የቱ ነው?

የመምህሩ ማስታወቂያ አምስት ነገር ይጠይቃል። በስታቲስቲክስ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በሒሳብ ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ። 3 ዓመት የክትትልና ግምገማ ልምድ። ጥሩ የኤክሴል ችሎታ። በስልክ መረጃ የሚሰበሰብበትን ኮቦ ቱልቦክስን መጠቀም። ሪፖርት መጻፍ።

ዲግሪው አለ፤ አለቀ። የቀሩት አራቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

ኤክሴሉ የስም ክፍተት ነው። ሰውየው ሥራውን ሠርቶታል፣ ስሙ ግን ሌላ ነው። በየመንፈቅ ዓመቱ የ4 ክፍል ተማሪዎችን ሮስተር በኤክሴል ይሠራል። ሲቪው ላይ ይህ የለም፤ ምክንያቱም መምህር ሮስተር መሥራቱን እንደ ችሎታ አይቆጥረውም።

ሪፖርቱ የማስረጃ ክፍተት ነው። የትምህርት ክፍል ተጠሪ ስለነበር ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሄደውን የውጤት ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው። ሥራው አለ፣ ግን እሱ መጻፉን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው «በመምህርነት አገልግለዋል» ብሎ ይዘጋል።

ኮቦ የእውነት ክፍተት ነው። ነክቶት አያውቅም።

«3 ዓመት ልምድ» የሚለው ደግሞ ከሦስቱም የተቀየጠ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ደብዳቤ የማይሻገረው በርም አለ። የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ላይ ፈቃድ ከሌለ ደብዳቤ አያድንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምዝገባም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። መዝጋቢው የትምህርት ደረጃውንና «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚለውን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አይመዘግብም። እዚያ ጊዜያችሁን በደብዳቤ ላይ ሳይሆን በሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ አጥፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ደብዳቤ ተከፍቶ ለሚነበብባቸው ቦታዎች ነው፦ ለኤንጂኦዎች፣ ለግል ድርጅቶችና በኢሜይል ለሚቀበሉ ቀጣሪዎች።

## በምን እንመዝናቸው?

አራት መስፈርት ይበቃል።

የመጀመሪያው፣ አጣሪው የጠየቀውን ነገር ፈልጎ ለማግኘት ይደክማል ወይ? አጣሪው ፊት የማስታወቂያው መስፈርቶች በቅጽ ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው ነጥብ ይጻፋል። ደብዳቤውን የሚያነበው ነጥቡን የሚሰጥበት ዓረፍተ ነገር ሲፈልግ ነው።

ሁለተኛው፣ ደብዳቤው የትኛውን ክፍተት ይደፍናል? ሦስተኛው፣ የተባለው ነገር ይረጋገጣል ወይ? አራተኛው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይኼኛው ቀላል አይደለም። ሥራ ላይ ሆኖ ሥራ የሚፈልግ ሰው ያለችው የማታ ሰዓት ናት።

## አንደኛው፦ ታሪክ የሚተርከው

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለቁጥር ልዩ ፍቅር ነበረኝ…» ብሎ የሚጀምረው ነው። ለምን ማስተማር እንደጀመረ፣ ምን እንደተማረ፣ ለምን አሁን መቀየር እንደፈለገ ይተርካል።

እውነቱን ለመናገር ከአራቱ በጣም የምንጽፈው ይህን ነው፤ በጣም የማይጠቅመውም ይኸው ነው። አጣሪው ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ ያጣል። የሚሠራው ቀጣሪው «ይህ ሰው ለምን ይለቃል? ነገ ከእኛስ አይሄድም?» ብሎ በሚጠራጠርበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ባንክ ውስጥ 12 ዓመት የሠራ ሰው አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በግማሽ ደመወዝ ሲያመለክት ምክንያቱን መስማት ይፈልጋሉ። ያን ጊዜም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ጥሩ ጎኑ አንዴ ከተጻፈ ለሁሉም ቦታ መላኩ ነው። መጥፎ ጎኑም እሱው ነው። አንድ ጊዜ የደረሰኝ ደብዳቤ የሌላ ድርጅት ስም ይዞ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈ ይመስላል፤ ሳይቀየር ቀርቷል። ሲቪው ደህና ነበር። ኮሚቴው ግን ስሙን አንብቦ ሳቀና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

## ሁለተኛው፦ «የጠየቃችሁት፣ ያለኝ»

ይህ ደብዳቤ ማስታወቂያውን ይከተላል። በአንድ በኩል ቀጣሪው የጠየቀው፣ በሌላ በኩል አመልካቹ ያለው። ለስም ክፍተት የሚስተካከለው የለም፤ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ አጣሪው ራሱ መተርጎም አይጠበቅበትም።

የመምህሩ ደብዳቤ እንዲህ ይሆናል። (ናሙናውን በአማርኛ ጻፍኩት እንጂ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይሁን።)

> የጠየቃችሁት፦ መረጃ በኤክሴል ማጠናቀርና መተንተን።
> ያለኝ፦ በየመንፈቅ ዓመቱ የ4 ክፍል፣ የ248 ተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል አጠናቅራለሁ። ከ50 በታች ያመጡትን በክፍልና በጾታ ለይቼ ለትምህርት ክፍሉ አቀርባለሁ።
>
> የጠየቃችሁት፦ ሪፖርት መጻፍ።
> ያለኝ፦ ለ3 ዓመት የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆኜ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚላከውን የውጤት ሪፖርት ጽፌያለሁ። የርዕሰ መምህሩ ማረጋገጫ ተያይዟል።

ቁጥሩን ተመልከቱ። «ብዙ ተማሪዎች» አላለም፤ 248 አለ። የሚቀጥረው ሰው ኤክሴል ላይ 248 መደዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርም ተመልከቱ። የማስረጃ ክፍተቱ የተደፈነው እዚያ ነው። መምህሩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ «በመምህርነት» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት መስመር እንዲጨመር ጠየቀ፦ የትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆኖ የሠራበት ጊዜና የውጤት ሪፖርት ያዘጋጅ እንደነበር። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ከለቀቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ተቀይሯል፣ አዲሱ ደግሞ አያውቀውም። ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ አስጽፉት። ከግል ድርጅት የምትወጡ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠቀስ፤ ብዙ ቀጣሪ ካልተጠቀሰ ልምዱን አይቆጥርም።

ይህ ደብዳቤ ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው ማጋነን ነው። ሮስተር «የመረጃ ሥርዓት አስተዳደር» ሲባል አጣሪው ይስቃል፤ እሱም እዚህ አገር ተምሯል፣ ሮስተር ምን እንደሆነ ያውቃል። ሥራውን በስሙ ጥሩት፣ ከዚያ ምን እንደሚመስል አሳዩ። ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ሠንጠረዥ ሠርታችሁ የማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ብትለጥፉት መስመሩ ይጠፋና ቃላቱ ይደበላለቃሉ። ስልክ ላይ የተከፈተ ኢሜይልም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከላይ ያለውን በመስመር የጻፍኩት። ሠንጠረዡ ካማራችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አያይዙት።

ሌላው ችግሩ ባዶ ቦታ ማጋለጡ ነው። ከአምስቱ ሦስቱን ሞልታችሁ ሁለቱን ብትዘሉ መዝለላችሁ ያስታውቃል። እዚህ ላይ ሦስተኛው ይመጣል።

## ሦስተኛው፦ ክፍተቱን የሚናገረው

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። «የጎደለኝን ራሴ ለምን እነግራቸዋለሁ?» ይላል። ግን እኮ ሲቪው ነግሯቸዋል። የቀረው ጉድለቱን አውቃችሁት ምን አደረጋችሁ የሚለው ነው።

አጻጻፉ ግን ይለያያል። «ምንም እንኳ የክትትልና ግምገማ ልምድ ባይኖረኝም፣ ለመማር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚለው በየደብዳቤው አለ። ፍላጎት ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። ይህን ከሚከተለው ጋር አስተያዩት፦

> በኮቦ ቱልቦክስ በሥራ ላይ አልተጠቀምኩም። ባለፈው ጥር ራሴ ቅጽ አዘጋጅቼ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የሚቀሩባቸውን 40 ወላጆች ጠይቄበታለሁ። የስልክ ቁጥር የሚሞላበትን ጥያቄ በ10 አሃዝ ስላልገደብኩት አንዳንዱ በ09፣ አንዳንዱ ያለ ዜሮ፣ አንዳንዱ በ251 ተሞላ። ቅጹን አርሜ ቀሪዎቹን 15 ወላጆች በታረመው ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ክፍተቱን ይናገራል። አንድ ጊዜ፣ ያለ ይቅርታ። የቀረው የተሠራ ነገር ነው። የስልክ ቁጥሩ ስህተት ደግሞ ሰውየውን ያስቀጥረዋል ብዬ አስባለሁ። መስክ ወጥቶ መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ያ ስህተት ደርሶበታል። ያልሠራ ሰው አይፈጥረውም።

ወጪው ያን ያህል አይደለም። የኮቦ መሰብሰቢያ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ሲሞላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በኋላ ሲገኝ ይልካል። ለመምህሩ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶበታል።

አሁን ወደ «3 ዓመት ልምድ» ልመለስ። ሁለት ፈተና አለ። አንዱ 6 ዓመት ማስተማርን «6 ዓመት የክትትልና ግምገማ ልምድ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለት ጥያቄ ይፈርሳል። ሌላው ጨርሶ ዝም ማለት ነው። መሀል ያለው እንዲህ ይላል፦ «በክትትልና ግምገማ ስም የተቀጠርኩበት ጊዜ የለም። በ6 ዓመት ማስተማሬ ውስጥ ግን በየዓመቱ የተማሪ ውጤትና መቅረትን መመዝገብ፣ ማነጻጸርና ሪፖርት ማድረግ ነበረብኝ።» አንዳንድ ኮሚቴ ይህን በግማሽ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። «ቢያንስ» የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ ካለ ላለመቆጠር ተዘጋጁ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ክፍተቱን በመጀመሪያው አንቀጽ ካነሳችሁ የቀረው ሁሉ በእሱ ጥላ ሥር ይነበባል። መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት አጣሪው ይዞት የሚሄደው እሱን ነው። መሀል ላይ፣ ጠንካራው ነገር ከተባለ በኋላ ይግባ።

## አራተኛው፦ አንድ ሥራ የሚያሳየው

ይህ ደብዳቤ መስፈርቶቹን አይዘረዝርም። አንድ የተሠራ ሥራ ይወስድና በዝርዝር ያሳያል፤ ሥራውንም ያያይዛል። ከአራቱ ከባዱ ነው። ሲሳካ ግን ኮሚቴው ስለ ሰውየው በስሙ ማውራት ይጀምራል፣ «ያ የቲቶሪያሉ ልጅ» እያለ።

መምህሩ የመረጠው ሥራ ይህ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከ248 ተማሪዎቹ 97ቱ በሒሳብ ከ50 በታች አመጡ። ለእያንዳንዱ ክፍል የተጠቀመው ቀመር ቀላል ነው፤ ክፍሉ 62 ተማሪ ስላለው ከ2ኛው እስከ 63ኛው መደዳ ይቆጥራል፦

```
=COUNTIF(F2:F63,"<50")
```

ከዚያ የፈተና ወረቀቱን በምዕራፍ ለየ። ነጥብ በብዛት የጠፋው እኩልታ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቶሪያል ጀመረ። በሁለተኛው መንፈቅ ከ50 በታች ያመጡት 71 ሆኑ።

«በቲቶሪያሌ የወደቁት በ26 ቀነሱ» ብሎ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። ቀጥሎ እንዲህ ጻፈ፦

> ነገር ግን በመሀሉ 7 ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠዋል፤ 5ቱ መጀመሪያም ከ50 በታች የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ከቀሩት 241 ተማሪዎች ያየሁት ለውጥ ከ92 ወደ 71፣ ማለትም 21 ነው። ቲቶሪያሉን ያልወሰደ የሚነጻጸር ክፍል ስላልነበረኝ ሁሉም የቲቶሪያሉ ውጤት ነው ማለት አልችልም።

የክትትልና ግምገማ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። ማስታወቂያው «3 ዓመት ልምድ» ሲል የፈለገው ይህን ዓይን ነው። ከ26 ወደ 21 የወረደችው ቁጥር ከብዙ የሥልጠና ሰርተፊኬት የበለጠ ትናገራለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የምታያይዙት ፋይል ላይ የተማሪ፣ የደንበኛ ወይም የታካሚ ስም እንዳይኖር። መምህሩ ስሞቹን አጥፍቶ በተራ ቁጥር ተካቸው። ስሙን ያልሰረዘ ሰው መረጃ እንዴት እንደሚይዝ ገና ሳይቀጠር አሳይቷል። የድርጅት ምስጢር ከሆነም አታያይዙ፤ በቃል ግለጹት።

ድክመቱ ዝርዝር ይዞ ለሚያጣራ ኮሚቴ አለመመቸቱ ነው። አንድ ሥራ ሁሉንም መስፈርት አይሸፍንም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| የደብዳቤው ዓይነት | ለአጣሪው ቅለት | የሚደፍነው ክፍተት | ማረጋገጫ | የሚፈጀው ጊዜ (በእኔ ግምት) | የሚበላሽበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ታሪክ የሚተርክ | ዝቅተኛ | «ለምን ትቀይራለህ?» የሚለውን ጥርጣሬ | ደካማ | አንድ ጊዜ 1 ሰዓት | ለሁሉም ቦታ ሲላክ |
| የጠየቃችሁት፣ ያለኝ | ከፍተኛ | የስም፤ ወረቀት ከተያያዘ የማስረጃም | መካከለኛ | በየማስታወቂያው 2 ሰዓት | ሲጋነን፣ ሠንጠረዡ ሲፈርስ |
| ክፍተቱን የሚናገር | መካከለኛ | የእውነት | የተሠራ ነገር ካለ ጠንካራ | ደብዳቤው 1 ሰዓት፣ ሥራው ሁለት ቅዳሜ | በፍላጎት ብቻ ሲሞላ |
| አንድ ሥራ የሚያሳይ | ለዝርዝር አጣሪ ዝቅተኛ፣ ለክፍል ኃላፊ ከፍተኛ | የማስረጃ፣ በከፊል የዓመት ልምድ | በጣም ጠንካራ | ቅዳሜና እሑድ | የሰው ስም ሲወጣ |

## ለማን የቱ?

ዛሬ ማታ የሚዘጋ ማስታወቂያ ከሆነና ያላችሁ አንድ ማታ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን ጻፉ። የሞላችኋቸውን ሦስት መስፈርቶች በመስመር፣ ያልሞላውን በአንድ ቅን ዓረፍተ ነገር። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ሁለት ሳምንት ካላችሁና የጎደላችሁ አንድ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሠርታችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ሦስተኛውን ሁለተኛው ውስጥ አስገቡት። ለብዙ ሙያ ቀያሪ የምመክረው ይህን ቅይጥ ነው። መምህሩም በመጨረሻ የላከው እሱን ነው፦ ሁለት መስመር ለምን እንደሚቀይር፣ ሦስት «የጠየቃችሁት፣ ያለኝ»፣ መሀል ላይ የኮቦዋን አንቀጽ፣ መጨረሻ ላይ የ21ዱን ተማሪዎች ነገር በአራት መስመር፣ ከአንድ ገጽ የኤክሴል አባሪ ጋር።

ማመልከቻው በሰው ኃይል ክፍል ሳይሆን በቀጥታ በክፍል ኃላፊው የሚነበብ ከሆነ፣ ወይም አነስተኛ ድርጅት ከሆነ፣ አራተኛውን ብቻውን ላኩ። ኃላፊው ነጥብ አይሰጥም፤ ነገ ጠዋት ሥራውን የሚያነሳለት ሰው ነው የሚፈልገው።

በአንድ ወር 20 ቦታ ለማመልከት ያሰባችሁ ደግሞ ሃያውንም አትጻፉ። ቢያንስ ሦስት መስፈርት የሚገጥማችሁን አምስት ምረጡና ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ስጡ። «የጠየቃችሁት» የሚለውን መስመር ከማስታወቂያው ቃል በቃል ቅዱ፤ «ያለኝ» የሚለውን ግን አንድ ፋይል ላይ አከማቹትና እየመረጣችሁ አምጡ። ከመላካችሁ በፊት የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን መጠሪያና የማስታወቂያ ቁጥሩን ከማስታወቂያው ጋር አመሳክሩ። ደመወዝ ካልተጠየቃችሁ አትጻፉ። ፋይሉንም «ሲቪ የመጨረሻ 3» ብላችሁ አትላኩት፤ በስማችሁና በሥራ መደቡ ሰይሙት፤ አጣሪው ኮምፒውተር ላይ «ሲቪ የመጨረሻ» የሚባል ፋይል ሞልቷል።